ተከፍሎኛል በሉ፤ ግን አክስቴ በሚሰሙት ቋንቋ

ባለፈው ክረምት አክስቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙ። ምጣዱን ያዩት በቤተሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ በተላከ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ላይ አንዲት የእኛው ልጅ በአማርኛ እየተጫወተች ሊጥ ታሰፋለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ከዚያም ዓይኑ ያማረ እንጀራ አንስታ «እናቴ እንኳ ከእንግዲህ ሌላ ምጣድ አትፈልግም» ትላለች። አክስቴም አመኗት። ምጣዱ ቤት ሲገባ ግን መሃሉ እያረረ ዳር ዳሩ አልበስል አለ።

እኔ ቪዲዮው መጀመሪያ የወጣበትን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። ከጽሑፉ በታች፣ ከአሥራ ምናምን ሀሽታግ መካከል፣ #שתפ የሚል ነበር። ልጅቷ «አልደበቅኩም» ልትል ትችላለች። ለአክስቴ ነገሩን ስነግራቸው ዝም ብለው አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦ «መከፈሏስ ምንም አይደል፣ ልጅ ሠርታ ትብላ። ግን ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ጎረቤቴን እጠይቅ ነበር፤ እሷ እንዲህ ያለ ምጣድ አላት።»

ይህ ጽሑፍ የአክስቴን መልስ ይዞ ይነሳል። ከእናንተ መካከል ቪዲዮ የምትሠሩ አላችሁ፤ ከሱቅ፣ ከአዳራሽ፣ ከልብስ ሰፊ፣ ከአስመጪ «እናስተዋውቅ» የሚል መልእክት የደረሳችሁም አላችሁ። ጥያቄው መከፈል ነውር ነው ወይ አይደለም። ጥያቄው «ተከፍሎኛል» የሚለው ቃል ለሚሰማችሁ ሰው በትክክል ይደርሳል ወይ ነው።

ደላላና ዘመድ

አክስቴ ያደጉት ጎንደር አካባቢ ገጠር ነው። ገበያ ላይ ደላላ ሲያጋጥማቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ደላላው ላሟን ሲያሞግስ ይሰሙታል፤ አይቆጡትም፣ ውሸታምም አይሉትም። ነገር ግን ከሻጩ እንደሚከፈለው ስለሚያውቁ ከወሬው ላይ ትንሽ ቀነስ ያደርጋሉ፣ ላሟን ራሳቸው ዞር ብለው ያያሉ፣ ሌላ ሰው ይጠይቃሉ። ዘመድ ሲመክራቸው ግን እንዲህ አያደርጉም። የዘመድ ምክር ሳይመዘን ይገባል።

የማርኬቲንግ ተመራማሪዎች ማሪያን ፍሪስታድ እና ፒተር ራይት በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ሌላ ስም ሰጥተው ገልጸውታል። ሰው በሕይወቱ ውስጥ ሌሎች እንዴት ሊያሳምኑት እንደሚሞክሩ እውቀት ያጠራቅማል። ያን እውቀት የሚያወጣው ግን «አሁን አንድ ሰው ሊሸጥልኝ ነው» ብሎ ሲያውቅ ነው። ካላወቀ እውቀቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ «ተከፍሎኛል» ማለት ኃጢአትን መናዘዝ አይደለም። ለሰሚው «ሚዛንህን አውጣ» ማለት ነው። አክስቴ ሚዛን አጥተው አይደለም፤ ሚዛኑን የሚያወጡበት ሰዓት መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ልጅቷ የተናገረችው እንደ ዘመድ ነበር፣ የተከፈላት ግን እንደ ደላላ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የ1981 ሕግ ነው፤ ኢንስታግራም ደግሞ የመጣው በ2010 ነው። ያም ሆኖ በሕጉ አንቀጽ 7 ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን በቀጥታ የሚሆን ድንጋጌ አለ። ሐሳቡ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ አንድ ማስታወቂያ ምክንያታዊ የሆነን ሰው «ይህ ማስታወቂያ አይደለም» ብሎ እንዲያስብ ሊያደርገው የሚችል ከሆነ፣ በውስጡ የተባለው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ እንደ አሳሳች ማስታወቂያ ይቆጠራል።

«እውነት ቢሆን እንኳ» የሚለውን ልብ በሉ። ብዙ ልጆች «ምጣዱን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሸሁም፣ ታዲያ ምን ልናገር?» ይላሉ። በሕጉ ዓይን ግን ምርቱን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ የተከፈለበት መሆኑን መናገር ሌላ ነገር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሕጉ መርሑን ይነግረናል እንጂ ቪዲዮው ውስጥ የት ቦታ ምን እንበል የሚለውን በዝርዝር አይነግረንም። ለዚህ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ለኢንፍሉዌንሰሮች ያወጣው አጭር መመሪያ ነው። እዚህ አገር ሕግ አይደለም፤ እንደ ሥራ መመሪያ ግን ግልጽ ነው። ከሚላቸው ነገሮች ሦስቱ የአክስቴን ታሪክ በቀጥታ ይነካሉ። መግለጫው በብዙ ሀሽታጎችና ሊንኮች መካከል አይቀበር ይላል። ምክሩ በቪዲዮ ከሆነ መግለጫውም ከቪዲዮው በታች ባለው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮው ውስጥ ይሁን ይላል። ምርቱን ባወደሳችሁበት ቋንቋ መከፈላችሁንም ግለጹ ይላል።

ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው። እኛ በአማርኛ እናወራለን፣ በዕብራይስጥ እንጽፋለን፣ ሀሽታጉን በእንግሊዝኛ እናደርገዋለን። ሙገሳው አክስቴ በሚሰሙት ቋንቋ ይገባል፤ ማስጠንቀቂያው በማያነቡት ፊደል ይቀራል።

ምልክቱ መንገድ ላይ ይወድቃል

አንድ የተከፈለበት ቪዲዮ መግለጫውን በሦስት ቦታ ሊይዝ ይችላል። አንደኛው መተግበሪያው ራሱ የሚለጥፈው ምልክት ነው። በኢንስታግራም «Paid partnership» የሚለው ከስማችሁ አጠገብ ይወጣል፤ በቲክቶክ ስትለጥፉ ይዘቱ የንግድ መሆኑን የምታበሩበት ቁልፍ አለ፤ በዩቲዩብ ሳጥኑን ምልክት ስታደርጉበት ቪዲዮው ሲጀምር ለ10 ሰከንድ ያህል ማሳወቂያ ይታያል። ሁለተኛው ከቪዲዮው በታች የምትጽፉት ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው በቪዲዮው ውስጥ ያለው ድምፃችሁና ምስሉ ላይ የተጻፈው ቃል ነው።

አሁን አንድ ሰው ቪዲዮውን አውርዶ በዋትሳፕ ሲልከው ምን እንደሚሆን አስቡ። የመተግበሪያው ምልክት የመተግበሪያው እንጂ የቪዲዮው አካል ስላልሆነ አብሮ አይሄድም። ከታች ያለው ጽሑፍም ይቀራል። የሚደርሰው ሦስተኛው ብቻ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቪዲዮውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ገጻችሁን አይከተሉም፣ ኢንስታግራምም የላቸውም። የልጅ ልጅ ይልክላቸዋል፣ እነሱም ለእህታቸው ይልካሉ።

ስለዚህ የመተግበሪያውን ምልክት አብሩት፣ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚበቃውን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ቪዲዮውን ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ የቤተሰብ ሰው በዋትሳፕ ብቻውን ላኩለትና ስልኩን ገልብጦ፣ ስክሪኑን ሳያይ፣ በድምፅ ብቻ እንዲሰማው አድርጉ። ከዚያ «ይህች ልጅ ለምንድን ነው ይህን የምታወራው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሱቁ ከፍሏት» ካለ ደርሷል። «ስለወደደችው» ካለ አልደረሰም።

ተቃራኒው ፈተናም አለ። ብዙ ወጣት ቪዲዮ የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ነው። ለእሱ ቃሉ ምስሉ ላይ መጻፍ አለበት። ከታች በኩል ግን አትጻፉት፤ ሪልስና ቲክቶክ ላይ የታችኛውን ክፍል ስማችሁና ጽሑፋችሁ፣ የቀኙን ጠርዝ ደግሞ ቁልፎቹ ይሸፍኑታል። ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ፣ አንብቦ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ ይቆይ።

ቃሉ ራሱ

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ ቃሉ ይቀራል። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት።

«ከእገሌ ሱቅ ጋር በመተባበር» የሚለው በጣም የተለመደው ነው፤ ከዕብራይስጡ «ሺቱፍ ፔዑላ» የመጣ ይመስለኛል። ትብብር ግን በአማርኛ መልካም ቃል ነው። ሰው ለለቅሶም ለሰርግም ይተባበራል። ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ምንም አይናገርም።

«ስጦታ ላኩልኝ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ስጦታ ምንም ሳይጠየቅበት የሚሰጥ ነው። ቪዲዮ ልትሠሩበት ተስማምታችሁ የተቀበላችሁት ምጣድ ስጦታ አይደለም፣ በዕቃ የተከፈለ የሥራ ዋጋ ነው። ማንም ምንም ሳይጠይቃችሁ ልኮላችሁ ከሆነም «በነፃ ነው የላኩልኝ» ብላችሁ ተናገሩ፤ በነፃ ያገኘ ሰው ዋጋውን ከኪሱ እንደከፈለ ሰው አያይም።

«ማስታወቂያ» የሚለውስ? ዕብራይስጡ «ፒርሶሜት» አንድ ትርጉም ብቻ አለው። አማርኛው «ማስታወቂያ» ግን ሁለት ነገር ነው፦ የንግድ ማስታወቂያም ነው፣ የስብሰባ ወይም የለቅሶ ማሳወቂያም ነው። አንድ ትልቅ ሰው «ማስታወቂያ አለኝ» ብትሉት ወሬ ልትነግሩት ነው ብሎ ጆሮውን ሊያቀና ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትተዉት። ግሱን ጨምሩበት፦ «ተከፍሎኛል»። ይህን ግስ በሌላ መንገድ የሚረዳው አማርኛ ተናጋሪ የለም።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን እኔ ያስቀመጥኳቸው ለማስረዳት ነው። 6,000 ተከታይ ያላት አንዲት ልጅ አለች እንበል። አንድ አስመጪ 1,200 ሼቄል ሊከፍላት፣ 700 ሼቄል የሚሸጠውን ምጣድ ሊሰጣት፣ በተጨማሪም የራሷን የቅናሽ ኮድ ሊያወጣላት ይፈልጋል። ኮዱን ተጠቅሞ የሚገዛ ሰው ቅናሽ ያገኛል፣ እሷ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 ሼቄል ታገኛለች።

እዚህ ውስጥ ሦስት ጥቅሞች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «ለእናንተ ቅናሽ አምጥቼላችኋለሁ» በሚል ውለታ ይሸፈናል። ሒሳቡን ተመልከቱ፦ በኮዱ 40 ሰው ከገዛ ኮሚሽኑ ብቻ 1,200 ሼቄል ይሆናል፣ ከመጀመሪያው ክፍያ እኩል። ያንን የሚያውቅ ሰሚ «አሁኑኑ ግዙ» የሚለውን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ስለዚህ ቪዲዮው ሲጀምር፣ ምጣዱ ገና ሳይሞገስ፣ የምትለው ይህ ሊሆን ይችላል፦

«እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህ የንግድ ማስታወቂያ ነው። ሱቁ ገንዘብ ከፍሎኛል፣ ምጣዱንም በነፃ ሰጥቶኛል። በኔ ኮድ ከገዛችሁ ደግሞ ለእኔም ይደርሰኛል።»

ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አሥር ሰከንድ ገደማ ነው። ምስሉ ላይ ደግሞ «ማስታወቂያ፦ ተከፍሎኛል» እና «פרסומת» ይጻፋል። የመተግበሪያው ምልክትም ይበራል። ኮዱን በተናገረች ቁጥር «ከዚህ ኮሚሽን አገኛለሁ» ብላ ብትደግመው ጥሩ ነው፤ ሰው ቪዲዮውን ከመሃል ቆርጦ ሊልከው ይችላልና። ላይቭ ከሆነም ሰው በየደቂቃው ስለሚገባ መደጋገም ያስፈልጋል።

ነገር ግን ዋናው ሥራ ከቀረጻው በፊት፣ ከአስመጪው ጋር ሲጻጻፉ ነው። እዚያ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ መስማማት አለባት። አንደኛ፣ መግለጫው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ይነገራል፣ አስመጪውም አይቆርጠውም። ሁለተኛ፣ አስመጪው ከመለጠፉ በፊት ቪዲዮውን ማየትና ስህተት ማረም ይችላል፤ ዋጋ፣ ስፋት፣ የዋስትና ጊዜ የመሳሰለውን። አስተያየቷን ግን ማረም አይችልም። ሦስተኛ፣ ምጣዱ ቀድሞ ይሰጣታል፣ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ጋግራበት ነው የምትቀርጸው። አንድ ጊዜ ለካሜራ የተጋገረ እንጀራ ስለ ምጣድ ብዙ አይናገርም፤ ዳሩ የማይበስል ምጣድ ራሱን የሚያሳየው በተከታታይ ስትጋግሩበት ነው። ያልሞከሩትን ነገር «ሞክሬዋለሁ» ማለት ደግሞ የትኛውም መግለጫ የማያድነው ውሸት ነው።

አስመጪው «መጀመሪያ ላይ ተከፍሎኛል ካልሽ ማንም አይገዛም» ቢላትስ? ያ ራሱ መረጃ ነው። ሽያጩ የቆመው ሰሚው ባለማወቁ ላይ ከሆነ፣ የሚከፈላት ለቪዲዮው ሳይሆን ለዝምታዋ ነው።

ተመልካቹ ይቀዘቅዛል?

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል፦ መግለጽ ዋጋ ያስከፍላል። በ2017 ናትናኤል ኤቫንስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የተለያየ ምልክት ያለበት የኢንስታግራም ፖስት እንዲያዩ ተደረገ። በአንዱ ላይ «SP» የሚል አጭር ምልክት ነበር፣ በሌላው «Sponsored»፣ በሌላው «Paid Ad»፣ በአንዱ ደግሞ ምንም አልነበረም። ማስታወቂያ መሆኑን በደንብ ያስታወቀው ግልጹ «Paid Ad» ነው። ማስታወቂያ መሆኑን ያወቁና መግለጫውን ያስታወሱ ሰዎችም ለምርቱ ያላቸው ስሜት ቀዝቀዝ አለ፣ ለሌላ ሰው የመላክ ፍላጎታቸውም ቀነሰ። ደላላው ደላላ መሆኑ ሲታወቅ የሚሆነው ይህ ነው።

ከዚያ በፊት በ2016 ህዋንግ እና ጄዎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ብሎግ ጽሑፎች ባሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አገኙ። «ይህ ጽሑፍ ተከፍሎበታል» ብቻ ሲባል የጸሐፊው ተአማኒነት ወረደ። «ተከፍሎበታል፣ አስተያየቱ ግን የራሴ ነው» ሲባል ግን ምንም ካልተነገረበት ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር ያ መውረድ አልታየም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው አስተያየቱ የራሴ ነው የሚለውን ሁሌ እጨምራለሁ» ሊል ይችላል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ቃሉ የሚሠራው ሰው ስለሚያምነው ነው፤ አስመጪው ቃል በቃል የጻፈላችሁን እያነበባችሁ «የራሴ አስተያየት ነው» ካላችሁ ከዝምታ የባሰ ማታለል ይሆናል። ከላይ ያልነው ስምምነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያ ስምምነት ካለ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፣ ማስረጃም ማቅረብ ትችላላችሁ። ጥሩው ማስረጃ አንድ ጉድለት መናገር ነው፦ «ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ለትንሽ ኩሽናም ይሰፋል።» ይህን የሰማ ሰው ሌላውንም ሙገሳ መዝኖ ይቀበላል። ጉድለት እንድትናገሩ የማይፈቅድ ከፋይ ካለ «የራሴ አስተያየት ነው» የሚለውን ተዉት፤ «ተከፍሎኛል» የሚለውን ግን አትተዉ።

ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝ

መግለጫውን ሳትናገሩ የለጠፋችሁት ቪዲዮ ካለ፣ ከታች ያለውን ጽሑፍ ማረም የሚደርሰው ገጻችሁን ለሚያይ ብቻ ነው። በዋትሳፕ የሄደው አይመለስም። ስለዚህ እርማቱም በሄደበት መንገድ ይሂድ። አጭር የድምፅ ወይም የቪዲዮ መልእክት በአማርኛ ቅረጹ፦ «ስለ ምጣዱ የተናገርኩት ተከፍሎኝ ነበር፣ ያኔ አልነገርኳችሁም፣ መናገር ነበረብኝ።» ምክንያት አታብዙበት። ከዚያ ቪዲዮውን መጀመሪያ ላካፈሉት የቤተሰብና የሰፈር ግሩፖች ላኩት። የድሮውን አጥፍቶ ዝም ማለት ግን ያየው ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን አያጠፋም።

አክስቴ ምጣዱን ለሱቁ መልሰዋል። ልጅቷን ግን አልጠሏትም፤ ቪዲዮዎቿ ሲላኩላቸው አሁንም ያያሉ፣ በጨዋታዋም ይስቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ስለ ምንም ዕቃ ስታወራ ስልኩን ወደ እኔ ዘርግተው «እስቲ እይልኝ፣ ይቺን ደግሞ ከፍለዋት ይሆን?» ይላሉ። ባልተከፈለችበትም ቪዲዮ ሳይቀር።